ለትንሽ ልጅ የመጀመሪያው አምባር፦ አመራረጥ፣ አለካክ፣ አፈታተሽ

ለልጅ ጌጥ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ወርቅ ይሻላል ወይስ ብር?" ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ግን ሁለተኛ መምጣት ያለበት ነው። የመጀመሪያው "ይሄ ነገር ቢበጠስ ምን ይወድቃል?" የሚለው ነው። የወደቀው ነገር አፍ ውስጥ እንደሚገባ ደግሞ አትጠራጠሩ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ የሚመረምረው በምላሱ ነው።

እዚህ የማወራው ስለ አምባር ብቻ ነው። ለምን ሌላውን እንደተውኩት ግን ባጭሩ ልንገራችሁ።

የአንገት ሐብል ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። አልጋ ጠርዝ ላይ ወይም ወንበር ላይ ከተያዘ ያንቃል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ጥርስ ማብቀያ ሐብሎች ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ከጠቀሳቸው አደጋዎች አንዱ፣ አንድ የ18 ወር ሕፃን በእንቅልፍ ሰዓት ባጠለቀው ሐብል ታንቆ መሞቱን የሚመለከት ነበር። ሲጎተት በራሱ የሚለቅ መቆለፊያ ያለው ሐብል አለ፤ እሱም ቢሆን ከፍ ላለ ልጅ እንጂ ለዚህ ዕድሜ አይደለም። ቀለበት በቀላሉ ይወልቃል፤ መጠኑም ጉሮሮ ለመዝጋት የሚበቃ ነው። ጉትቻ ከነመቀርቀሪያው ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ ብረቱ በተበሳ ቆዳ ውስጥ ስለሚቀመጥ ኒኬል ለሚባለው ብረት አለርጂ በር ይከፍታል። እኔ ብጠየቅ፣ ልጁ ጆሮውን መነካካት ትቶ "ያመኛል" ማለት እስኪችል ቢቆይ እላለሁ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ አምባሩም ይቆይ።

ለምሳሌ እንዲሆነን የ20 ወር ልጅ እንውሰድ። ሁለት አምባር በስጦታ መጥቶላታል። አንዱ ወርቅ ቅብ ሰንሰለት ነው፤ ሦስት ትንንሽ ተንጠልጣዮች አሉት፦ ልብ፣ ኮከብና ቢራቢሮ። ሁለተኛው ያለ መቆለፊያ የተሠራ ወፍራም የብር አምባር ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ጎን ለጎን ተደራርበው ይንሸራተታሉ፤ ስለዚህ ይሰፋል፣ ይጠብባል። ሁሉም ዓይኑ የሚያርፈው ቢራቢሮዋ ላይ ነው። እስቲ ሁለቱንም እንፈትሽ።

አንደኛ፦ ልጁን ለኩ

አምባሩን ከማየት በፊት እጁን እዩ። የስፌት ሜትር ከሌላችሁ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ይበቃል። ሁለት ልክ ያስፈልጋችኋል። የመጀመሪያው የእጅ አንጓ ዙሪያ ነው፤ ወረቀቱን ሳታጠብቁ አዙሩትና የተገናኘበት ላይ ምልክት አድርጉ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ አውራ ጣቱን ወደ መዳፉ አጥፋችሁ የእጁን ሰፊ ቦታ ዙሪያ ለኩ። አምባር የሚያልፈው ወይም የሚወልቀው በዚያ ስለሆነ ነው።

የኛዋ ልጅ አንጓዋ 12 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ እጇ ደግሞ 14። አምባሩ አንጓዋ ላይ ሲያርፍ የእናንተ ትንሿ ጣት ከሥሩ መግባት አለባት፤ ይህ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የውስጥ ዙሪያው 13.5 መሆን አለበት። 13.5 ከ14 ስለሚያንስ ብቻውን አይወልቅም፤ ከ12 ስለሚበልጥ አያጠብቅም። መለኪያው ላይ በዲያሜትር የሚነግራችሁ ወርቅ ሠሪ ከገጠማችሁ ዙሪያውን ለ3.14 አካፍሉት፤ 4.3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

"ትልቅ ይሁን፣ ያድግበታል" የሚለው ምክር ለጫማ እንኳ ብዙ አይሠራም፤ ለአምባር ደግሞ አደገኛ ነው። ሰፊ አምባር በአንድ ጉተታ አፍ ይደርሳል። አለዚያም ወደ ክንድ ይወጣና ክንዱ ወፈር ያለበት ቦታ ላይ ይጣበቃል።

ሁለተኛ፦ ቱቦ ውስጥ ጣሉት

አሜሪካ ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ ዕቃ የሚፈተሽበት አንድ ትንሽ ቱቦ አለ። ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር ነው። ጥልቀቱ ሰያፍ ነው፤ በአንድ ወገን 25.4፣ በሌላው 57.1 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። አንድ ነገር ሳይጨመቅ ሙሉ በሙሉ ከገባበት፣ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል ተብሎ ይወሰዳል።

ቤት ውስጥ የሶፍት ካርቶን ቱቦ ተጠቀሙ። ስፋቱ ከዋናው መለኪያ ስለሚበልጥ የበለጠ ጥብቅ ዳኛ ነው። በሱ ውስጥ ያላለፈ ነገር በትንሹም አያልፍም።

ሰንሰለቱን ጣሉበት። እንደ ክር ተሰብስቦ ወደ ታች ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገረማል፤ "ረዥም ነው እኮ!" ይላል። ርዝመቱ አይጠቅምም፤ ሰንሰለት ሲታጠፍ ትንሽ ጉብታ ነው የሚሆነው። ተንጠልጣዮቹንማ ተዉት። ቢራቢሮዋ ብቻዋን ብትወድቅ ድምፅ ሳታሰማ ነው የምታልፈው።

የብር አምባሩን ሞክሩ። የውጭ ስፋቱ 4.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ አፉ ላይ ይቆማል። አይታጠፍም፣ አይሰበሰብም። ይህን ፈተና ያለፈው ከአንድ ወጥ ብረት ስለተሠራ ነው እንጂ ብር ስለሆነ አይደለም። ጫፎቹ ላይ ትንንሽ ድቡልቡል ኳሶች ካሉ ግን ፈተናው አላለቀም፤ ኳሱ ቢነቀል ያ ብቻውን ትንሽ ክፍል ነው። ኳሱ ከዘንጉ ጋር አብሮ የፈሰሰ ወይም የተበየደ መሆን አለበት። በሙጫ የተጣበቀ ወይም እንደ ብሎን ተጠምዝዞ የገባ ከሆነ አትቀበሉት። ሙጫ የያዘው ድንጋይና ዶቃም እንደዚያው።

ተንጠልጣይን ስለመፍራት ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ከጫማ ጋር በነፃ ከመጣ አምባር ላይ የነበረ የልብ ቅርጽ ተንጠልጣይ ዋጠ። ልጁ የሞተው ታንቆ አይደለም፤ እርሳስ በሚባለው ብረት ተመርዞ ነው። ተንጠልጣዩ 99 በመቶ እርሳስ ነበር። ዛሬ እዚያ አገር የልጆች ዕቃ ውስጥ የሚፈቀደው የእርሳስ መጠን ከመቶ 0.01 ብቻ ነው። እርሳስን በዓይን መለየት አይቻልም። ለትንሽነቱ በጣም የሚከብድ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ቀለም የተቀባ ርካሽ ተንጠልጣይ ካያችሁ ጠርጥሩ። ብዙ ወርቅ ሠሪዎች በኤክስሬይ የብረትን ይዘት የሚለይ መሣሪያ አላቸው፤ ማስለካት የደቂቃ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፦ መቆለፊያው

የብር አምባሩ መቆለፊያ ስለሌለው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ግን ሰንሰለት የግድ ከሆነባችሁ፣ ወይም ልጁ አድጎ ሰንሰለት የሚያደርግበት ቀን ሲመጣ፣ ይህን ፈትሹ።

ማግኔት ያለው መቆለፊያ ፈጽሞ አይሁን። በአንድ እጅ ስለሚዘጋ ለወላጅ ምቹ ይመስላል። ተለይቶ ከተዋጠ ግን ሁለቱ ማግኔቶች በተለያየ የአንጀት ክፍል ሆነው ይሳሳባሉ፤ መሃል የገባውን የአንጀት ግድግዳ ጨምቀው ይበሳሉ። መብራት የሚያበራ አምባርም በዚሁ መዝገብ ይግባ። ውስጡ ያለው ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ጉሮሮ ቧንቧ ላይ ከተቀመጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል።

የተለመዱት ሁለቱ ናቸው፦ ክብ ሆኖ በትንሽ ምላስ የሚከፈተው፣ እና የሸርጣን ጥፍር የሚመስለው። ክቡ ውስጡ ቀጭን የብረት ስፕሪንግ አለው፤ ሲያረጅ ምላሷ ግማሽ መንገድ ላይ ትቆማለች። የሸርጣኑ ይሻላል። የትኛውንም ብትመርጡ አሥር ጊዜ ክፈቱና ልቀቁት። በእያንዳንዱ ጊዜ "ቀጭ" ብሎ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት። አንዴ እንኳ ከዘገየ ይቀየር።

ግን ብዙውን ጊዜ የሚከዳው መቆለፊያው አይደለም። መቆለፊያውን ከሰንሰለቱ የሚያገናኘው ትንሽ ቀለበት ነው። ይህ ቀለበት ብዙ ጊዜ ታጥፎ ጫፎቹ ተገጣጥመው ብቻ ነው የሚተወው፤ አይበየድም። ለማወቅ አንድ የስፌት ክር በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉና ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ዙሪያውን እየጎተታችሁ አስኪዱት። ክሩ የሆነ ቦታ ላይ ሾልኮ ከወጣ፣ ወይም ከያዘና ከተሰነጠቀ፣ ቀለበቱ ክፍት ነው። ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስዳችሁ "ይበየድልኝ" በሉ። ተንጠልጣዮቹን የያዙት ቀለበቶችም በዚሁ ክር ይፈተሹ። በምሳሌያችን ሰንሰለት ላይ ሦስቱም ተንጠልጣዮች ያልተበየደ ቀለበት ላይ ናቸው እንበል። በቃ፣ እሱ ወደ ሳጥን ይመለስ፤ ልጅቷ ስታድግ ታደርገዋለች።

አራተኛ፦ ኒኬል

ኒኬል ርካሽ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ብረትን ያጠነክራል። ለዚህም ነው ርካሽ ጌጥ ውስጥ የማይጠፋው። ወርቅ ቅብ በሆነ ዕቃ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከወርቁ ሥር አንድ የኒኬል ንጣፍ ይኖራል። የወርቁ ቅብ እጅግ ስስ ስለሆነ የልጅ አጠቃቀም ቶሎ ይገፈዋል፤ ከዚያ ኒኬሉ ከላብ ጋር ይገናኛል።

ላብ ኒኬልን ያሟሟል። የሟሟው ወደ ቆዳ ይገባል፤ ሰውነትም አንድ ቀን "ይሄ ጠላት ነው" ብሎ ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ በነካው ቁጥር ያሳክካል፤ አለርጂው ደግሞ አንዴ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል። የአውሮፓ ኅብረት ለረዥም ጊዜ ቆዳ ለሚነካ ጌጥ የፈቀደው በሳምንት ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.5 ማይክሮግራም ኒኬል እንዲለቅ ነው፤ በተበሳ ቆዳ ውስጥ ለሚገባው 0.2። ልብ በሉ፤ የሚለካው ውስጡ ያለው ሳይሆን የሚለቀው ነው።

ስለዚህ ስትገዙ ምን ትሉ? አምባሩ ላይ 925 የሚል ማኅተም ካለ ከመቶ 92.5 እጁ ብር ነው፤ የቀረው ብዙውን ጊዜ መዳብ ነው። ለመጀመሪያ አምባር ይህ ጥሩ ምርጫ ነው። ቢጫ ወርቅ ባለ 18 ካራት፣ ማለትም 750 ማኅተም ያለበትም እንደዚያው። ነጭ ወርቅ ግን ይጠየቅ፤ የሚነጣው በኒኬል ሊሆን ይችላል። "የጀርመን ብር" የሚባለው ደግሞ ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ነው። ስቴንለስ ስቲልም ኒኬል አለው፤ ጥሩው ዓይነት አጥብቆ ስለሚይዘው የሚለቀው በጣም ትንሽ ነው። ቤተሰቡ ውስጥ የብረት አለርጂ ካለ ወይም ልጁ ችፌ ካለበት ግን ቲታኒየም ላይ ብትሄዱ ይሻላል።

የማታምኑት ዕቃ ከሆነ በጠብታ ፈትኑት። ለዚሁ የሚሸጥ የኒኬል መመርመሪያ ፈሳሽ አለ። ጥጥ ላይ ታንጠባጥቡና የአምባሩን የውስጥ ፊት ለ30 ሰከንድ ያህል ትፈትጋላችሁ። ጥጡ ሮዝ ከሆነ ኒኬል እየለቀቀ ነው። ይህን ልጁ በሌለበት ሥሩ፤ ሲያበቃም አምባሩን በሳሙና እጠቡ። ፈተናው ግን ገደብ አለው። ቅቡ ገና ያልተገፈፈ ዕቃ ጥጡን ነጭ አድርጎ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ቅብ ዕቃ ዛሬ ቢያልፍም ከጥቂት ወራት በኋላ ላያልፍ ይችላል። መቆለፊያውንና ትንንሾቹን ቀለበቶች ለየብቻ ፈትኑ፤ ሰንሰለቱ ብር ሆኖ መቆለፊያው ሌላ ብረት የሆነበት ዕቃ ብዙ ነው።

ቆዳ ላይ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ አትደንግጡ፤ መዳብ ነው፣ ይታጠባል። ብሩ ከጠቆረም ከአየር የመጣ ነው። አለርጂ ሌላ ነው፦ አምባሩ ባረፈበት ቦታ ልክ ቀይ፣ ሻካራ፣ የሚያሳክክ ሽፍታ ይወጣል። የሚወጣውም ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ነው። አለርጂው ገና ያልያዘው ልጅ ላይ ደግሞ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል "አንድ ቀን አድርጎት ምንም አልሆነም" ማለት ዋስትና አይሆንም።

አምስተኛ፦ ጠርዙንና ጀርባውን ዳስሱ

ትንሽ ጥጥ አባዝታችሁ በአምባሩ ላይ፣ በተለይ ጫፎቹ ላይ፣ አስኪዱ። ጥጡ ከያዘና ጭረት ላይ ነጭ ክር ከቀረ፣ የልጅን ቆዳ ይቧጭራል፤ ወርቅ ሠሪው ያለሰልሰው። ሁለቱ ጫፎች በሚንሸራተቱበት ቦታ ደግሞ የራሳችሁን ክንድ ውስጣዊ ቆዳ አስገቡና ዝጉት። ከቆነጠጣችሁ እሱንም ይቆነጥጠዋል።

ከዚያ አምባሩን ገልብጣችሁ ከመክፈቻው ተቃራኒ ያለውን ጀርባ በብርሃን እዩ። ብር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚደክመው እዚያ ጋ ነው። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ሊሰበር ነው። ለዚህም ነው አምባሩን ከማድረግና ከማውለቅ ውጪ እየከፈቱ እየዘጉ ማስተካከል ጥሩ ያልሆነው።

ስድስተኛ፦ አደራረግ

መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ዓይናችሁ እያየ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይሁን። ሲነክሰው፣ ሲጎትተው፣ ወለል ሲመታበት ተመልከቱ። ልጁ አምባሩን ለማውለቅ ብቻ የሚታገል ከሆነ ገና ነው፤ አታስገድዱት። ለእንቅልፍ፣ ለገላ መታጠቢያና ዥዋዥዌ ለሚጫወትበት ሰዓት ይውለቅ። ወልቆም ልጁ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ለሚጠብቀው ሰውም ንገሩት፤ "እንዳይጠፋ ብዬ ከነአምባሩ አስተኛሁት" የሚል መልስ መስማት አትፈልጉም።

አንድ ነገር ጠፍቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኳስ ወይም ድንጋይ ከቦታው ካጣችሁ፣ እንደተዋጠ ቁጠሩት። ልጁ በኃይል እያሳለ ከሆነ ያሳል፤ አትምቱት። ማሳል፣ ማልቀስም ሆነ መተንፈስ ካቃተው ግን ወደ ፊት አዘንብላችሁ በትከሻዎቹ መሃል ጀርባውን አምስት ጊዜ ምቱ። ካልወጣ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ከእምብርቱ ከፍ ብላችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ጫኑ። እየተፈራረቃችሁ ቀጥሉ፤ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። የማታዩትን ነገር በጣት አትፈልጉ፤ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ባትሪ፣ ማግኔት ወይም እርሳስ ሊሆን የሚችል ብረት ከዋጠ ደህና ቢመስልም ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት። እንዲያስታውክ ለማድረግ አትሞክሩ።

ሰባተኛ፦ ሲያድግ

በወር አንዴ የትንሿን ጣት ፈተና ድገሙ። ጣታችሁ የማትገባ ከሆነ ጠቧል። አምባሩን ስታወልቁ ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚቆይ የጭረት ምልክት ቆዳው ላይ ካያችሁም እንደዚያው።

የምሳሌያችን አምባር ሽቦው ሲዘረጋ ጠቅላላ 16 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ዙሪያው 13.5 ላይ ሲሆን ጫፎቹ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይደራረባሉ። ልጅቷ ስታድግ ትንሽ ትንሽ ታሰፉታላችሁ። መደራረቡ አንድ ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ዙሪያው 15 ይሆናል፤ ይህም አንጓዋ 13.5 እስኪሆን ያገለግላታል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ብትስቡት ጫፎቹ ተለያይተው ክፍተት ይፈጥራሉ፤ አንጓዋ በክፍተቱ ይሾልካል፣ ልብስም ይይዛል። አንድ ሴንቲ ሜትር የቀረ ዕለት ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስዳችሁ ብር አስጨምሩበት። ወይም አኑሩትና ለታናሽ ይሁን፤ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ጀርባውን ለስንጥቅ፣ ኳሶቹን ለመላላት እንደገና ፈትሹ።